ከቤቱ ፊት ለፊት የተሰቀለው ዥዋዥዌ

ልጄ ከዥዋዥዌ ስትወድቅ እኔ ጓሮ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። መጀመሪያ የሰማሁት የእሷን ጩኸት አልነበረም፤ ብረት ከእንጨት ውስጥ ተነቅሎ ሲወጣ የሚያሰማውን ድምፅ ነበር። ሮጬ ስደርስ በረንዳው ላይ በደረቷ ተደፍታ፣ አገጯ ተሰንጥቆ ደም በደም ሆናለች። ገመዱ ከነመንጠቆው ጀርባዋ ላይ ወድቋል።

አምስት ዓመቷ ነበር። በሁለት ዓመቷ ትኩሳት ይዟት፣ ትኩሳቱ ሲለቃት እግሮቿ አብረው ለቀዋት ነበር። ሶዶ ሆስፒታል አድርሻት፣ ሐኪሙ ጉልበቷን አጥፎ ዘርግቶ አይቶ፣ ነፍሷ በመትረፏ አመስግኚ ብሎኝ ተመልሻለሁ። ከዚያ ወዲህ ቀኑን ሙሉ የምትውለው በረንዳው ላይ በተነጠፈ ቁርበት ነበር። የሰፈሩ ልጆች ሲሯሯጡ ታያለች። እጇ ግን ሥራ አይፈታም፤ ያገኘችውን ሁሉ ትቋጥራለች፣ ትፈታለች፣ ትጎትታለች።

ዥዋዥዌውን የሰቀለላት የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ክፉ አላሰበም። ጥርስ ያለው መንጠቆ ከገበያ ገዝቶ በበረንዳው የባህር ዛፍ ወጋግራ ላይ ከታች ወደ ላይ ጠምዝዞ አስገባና ገመድ አሰረበት። ሦስት ሳምንት ያህል ተወዛወዘችበት። ያን ሰሞን እንደሳቀችው ከዚያ በፊት ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም።

የምንኖረው በባለቤቴ አባት ግቢ ነው። ባለቤቴ ዲምቱ አስተማሪ ሆኖ ተመድቦ ስለነበር ወደ ቤት የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። እኔም በቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት ቤት ለትንንሾቹ ፊደል አስተምር ነበር። የባለቤቴ አባት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ሰው የሚሰማቸው፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ የሚያዝዙ ሰው ነበሩ። የዚያን ቀን ማታ፣ የልጅቷ አገጭ ከተሰፋ በኋላ፣ ቤተ ሰቡን ሰብስበው ጸለዩና ውሳኔያቸውን ተናገሩ። በዚህ ግቢ ከእንግዲህ ገመድ አይሰቀልም አሉ። ይህን ብቻ ብለው ቢሆን ኖሮ ዝም ብዬ አድር ነበር ይሆናል። ግን ጨመሩበት።

«እግዚአብሔር ያስቀመጣትን ልጅ ሰው ሊሰቅላት አይገባም» አሉ።

ከሁሉ በላይ ያቃጠለኝ ይህ ቃል ነው። ቀና ብዬ አየኋቸው። በዚያ ቤት ምራት አማቷን ቀና ብላ አታይም። «የወደቀችው በመንጠቆው ነው እንጂ በእግዚአብሔር አይደለም» አልኳቸው። አማቴ ቀስ ብላ ተነሥታ ልጅቷን ከጭኔ ላይ ተቀብላ ወደ ውስጥ ይዛት ገባች።

በማግስቱ ልጄ አገጯ በፋሻ እንደታሰረ ቁርበቷ ላይ ተቀምጣ ወጋግራውን ሽቅብ ስታይ አገኘኋት። መንጠቆው የነበረበት ቦታ ላይ ቀዳዳው ይታያል። «መቼ ነው የሚመለሰው?» አለችኝ። ፈርታ ዳግመኛ አልፈልግም ብትል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። አልፈራችም። እኔም በሷ ፊት መፍራት አሳፈረኝ።

መንጠቆውን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ወንድሜ ዘንድ ሄድኩ። ታላቅ ወንድሜ አናጢ ነው። አባታችን ከጉራጌ አገር መጥቶ ሶዶ ገበያ ዳር የከፈተውን የእንጨት ሥራ ቤት የያዘው እሱ ነው። መንጠቆውን ተቀብሎኝ ወደ ብርሃን አወጣውና ጥርሶቹን በጥፍሩ ቧጠጠ። በጥርሶቹ መካከል የእንጨት ዱቄት ሞልቷል።

«አየሽ» አለኝ፣ «ይሄ ያልተሰበረ ብረት ነው። ብረቱ ጤነኛ ነው። የለቀቀው እንጨቱ ነው።»

ከዚያ እየላገ አስረዳኝ። ከታች ወደ ላይ የተጠመዘዘ መንጠቆ የሚይዘው ጥርሶቹ በነከሱት እንጨት ብቻ ነው። ዥዋዥዌ ደግሞ ወደ ታች ብቻ አይጎትትም፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያወዛወዘ ይጎትታል። በተወዛወዘ ቁጥር ጥርሶቹ እንጨቱን ትንሽ ትንሽ እየፈጩ ቀዳዳውን ያሰፉታል። ከውጭ የሚታይ ነገር የለም። አንድ ቀን ግን ሙልጭ ብሎ ይወጣል። በሦስት ሳምንት የወጣው በደግ ቀን ነው፤ ልጅቷ ወደ ላይ ከፍ ብላ በነበረችበት ሰዓት ቢሆን ኖሮ አገጯ ብቻ አይደለም የሚሰነጠቀው።

እንዴት ነው ታዲያ የማይወጣው አልኩት። ከግድግዳው ላይ ረጅም ቡለን፣ ጫፉ ጥርስ ያለው የብረት ዘንግ፣ አውርዶ አሳየኝ። እንጨቱ ከታች እስከ ላይ ሙሉ በሙሉ ይበሳል። ቡለኑ ከታች ገብቶ በላይ ይወጣል፤ ከላይ ሰፊ ሮንዴላ፣ ማለትም መካከሉ የተበሳ ጠፍጣፋ ብረት፣ ይደረግበትና ጥርሱ ላይ በሚጠመዘዝ ዳዶ ይጠበቃል። የቡለኑ የታችኛው ጫፍ ዐይን ይኖረዋል፤ ማለትም ሰንሰለቱ የሚንጠለጠልበት የተዘጋ ቀለበት። ያን ጊዜ ልጅቷን የሚይዛት ጥርስ የነከሰው እንጨት ሳይሆን ከላይ ሮንዴላው የተቀመጠበት ሙሉ እንጨት ነው። ቡለኑ እንዲወጣ ሮንዴላው እንጨቱን ሁሉ በስቶ ማለፍ አለበት።

«እንዲህ አድርገህ ሥራልኝ» አልኩት።

መላጊያውን አስቀመጠ። ከአማቶቼ ጋር መጣላት እንደማይፈልግ፣ የባለቤቴ አባት በሰፈሩ የተከበሩ ሰው እንደሆኑ፣ እሱ ደግሞ በሰው አገር የሚሠራ አናጢ መሆኑን ነገረኝ። የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር። እኔም እውነቱን ነገርኩት፤ እሱ ባይሠራው መሰርሰሪያውን ተውሼ ራሴ እንደምበሳው። ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ያን ጊዜ እሱም ሳቁን ተወ።

«ስንት ትመዝናለች?» አለኝ።

ለሷ ብቻ ከሆነ ቀላል መሰለኝ፤ አሥራ አምስት ኪሎም አትሞላ። ወንድሜ ከቡና ነጋዴ ጎረቤቱ ባለመንጠቆ ሚዛን ተዋሰና ከሥራ ቤቱ አግዳሚ ላይ ሰቀለው። አሥር ኪሎ የሚመዝን ድንጋይ በገመድ አንጠለጠለበት። ቀስቱ አሥር ላይ ቆመ። ከዚያ ድንጋዩን ወደ ጎን ከፍ አድርጎ ለቀቀው። ድንጋዩ ወርዶ ከታች ባለፈ ቁጥር ቀስቱ አሥርን ጥሎ ወደ ሃያ እየተጠጋ ይመለሳል። ሚዛኑ ተሳስቶ እንደሆነ ብዬ ደጋግሜ እንዲወዛውዘው አደረግሁት። አልተሳሳተም። የተቀመጠ ድንጋይና የሚወዛወዝ ድንጋይ አንድ አይደሉም።

«ደግሞ እሷ ብቻ አትቀመጥበትም» አለ ወንድሜ። «የጎረቤት ልጆች ሁለት ሦስት ሆነው ይወጡበታል። አንድ ቀን አንድ የደረሰ ጎረምሳ ማንም ሳያየው ይቀመጥበታል። እኛ የምንሠራው ለዚያ ጎረምሳ ነው። እሱ በኃይል ሲወዛወዝ የሚጎትተውን ያህል እናስብና፣ ያንን ደግሞ እጥፍ አድርገን እንይዛለን። ትርፉ ለማናውቀው ነገር ነው፤ ለዝናብ፣ ለዝገት፣ ለምስጥ።»

ይህ አነጋገር ደስ አለኝ። ልጄን በተመለከተ ከትኩሳቱ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚነግረኝ ስለ ጉድለት ነበር። ስለ ትርፍ ያወራኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

ቅዳሜ ባለቤቴ ሲመጣ ነገርኩት። አልተቃወመኝም፤ አባቱን መጋፈጥ ግን አልወደደም። ጓሮ ይሁን አለ፤ ከእንሰቱ ኋላ ቢተከል ማንም አያየውም፣ አባቴም እንዳላዩ ሆነው ያልፋሉ አለኝ። አማቴም በእሱ በኩል ይህንኑ ልካብኝ ነበር። ለጥቂት ጊዜ አሰብኩበት። ከእንሰቱ ኋላ ጥላ አለ፣ ነፋስ የለም፣ ጥሩ ቦታ ነው። ልጄ ግን እዚያ ከሆነች የሚያያት ሰው የለም፤ እሷም የምታየው ሰው የለም። የፈለጉትም ይህንን ነበር። ከቤቱ ፊት ለፊት፣ መንገዱ በሚታይበት በሣሩ ላይ በራሱ እግር ይተከላል አልኩ። ባለቤቴ «አንቺው ንገሪያቸው» አለኝ።

ነገርኳቸው። እሑድ ከጸሎት ሲመለሱ በር ላይ ጠብቄ፣ ራሴን ዝቅ አድርጌ፣ በአክብሮት፣ ግን ቃል ሳላጎድል። «አባባ፣ የሚያሰጋዎት መውደቋ ከሆነ እንዳትወድቅ አድርጌ አሠራዋለሁ። የሚያሰጋዎት መታየቷ ከሆነ ግን ለዚያ መድኃኒት የለኝም» አልኳቸው። አልፈውኝ ገቡ። እሺም እምቢም አላሉም። እኔ እሺ ማለታቸው ነው ብዬ ወሰድኩት።

ዐይን ያላቸው ቡለኖች በሶዶ ገበያ አይገኙም ነበር። ቀጥቅጦ የሚያወጣቸው ቀጥቃጭ ያስፈልጋል። ከተማው ዳር፣ ወደ ሁምቦ በሚወርደው መንገድ ላይ አንድ ቀጥቃጭ ነበር። በወላይታ ያን ጊዜ ቀጥቃጭ ከሰው አይቆጠርም። ማረሻውን ሁሉም ይፈልገዋል፤ እሱን ግን ደጃፍ አያስገቡትም፤ ውኃ ቢሰጡት እንኳ ዕቃውን ከእጁ መልሰው አይቀበሉም። በእኛም ግቢ እንደዚሁ ነበር፤ በእሑድ ሁላችን የአንድ አባት ልጆች ነን እየተባለ።

ቀጥቃጩ ቁጡ ሰው ነበር። የአውራ ጣት ውፍረት ያለው ብረት ከወንድሜ ወስጄ ሰጠሁትና የምፈልገውን መሬት ላይ ሣልኩለት። ሲጨርስ አምጥቶ ያሳየኝ ቡለን ጫፉ እንደ ቀለበት ታጥፎ ክፍተቱ ግን አልተዘጋም፤ ጣት ያስገባል። ይዘጋ አልኩት። ማንም ከእኔ እንዲህ አይጠይቅም አለ፤ ላምም በሬም ሲታሰርበት የኖረ ነው አለ። «ላም ስትጎትት ብረቱ ቢከፈት ላሟ ትሄዳለች። ይሄ ቢከፈት ልጄ ትወድቃለች» አልኩት። ወናፉን ረገጥ ረገጥ አደረገና ብረቱን መልሶ እሳት ውስጥ ከተተው። ነጭ እስኪሆን አጋለው፤ ጫፉን ከግንዱ ጋር አጋጥሞ እየደጋገመ ቀጠቀጠው፤ እስኪዋሐድ ድረስ። ሁለተኛውንም እንደዚያው አደረገ። ሲጨርስ በውኃ ሳይነክር ዐመድ ላይ ጣላቸውና ቀስ ብለው እንዲበርዱ ተወ። ቶሎ የቀዘቀዘ ብረት ቂመኛ ነው፣ ሳታስቢው ይሰበራል አለኝ። በላይኛው ጫፍ ያለውን የዳዶ ጥርስ ጋራዥ ወስዶ ያስወጣው ወንድሜ ነው።

ቡለኖቹ የሚገቡበትን አግዳሚ በተመለከተ ተሳሳትን። ወንድሜ ከፈረሰ ቤት የተገኘ ወፍራም ሞራሌ፣ አራት ማዕዘን የተሰነጠቀ ዝግባ፣ ነበረው፤ ከውጭ ሲያዩት ጥቁርና ጠንካራ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ግቢያችን አምጥቶ ሁለት ደጋፊ ላይ አጋድሞ የመጀመሪያውን ቀዳዳ መብሳት ጀመረ። እኔ እንጨቱን ይዤለታለሁ። ቀዳዳው በእንጨቱ ስፋት መካከል ላይ እንዲሆን፣ ከጠርዝና ከጉጥ እንዲርቅ፣ ስፋቱም ቡለኑ ተጠግቶ የሚያልፍበት ያህል ብቻ እንዲሆን አስቀድሞ ለክቶ ምልክት አድርጓል። መሰርሰሪያው መጀመሪያ ነጭ ጥምዝ ፍቅፋቂ ያወጣ ነበር። ከዚያ መካከል ሲደርስ እጁ ድንገት ቀለለው። የሚወጣውም ፍቅፋቂ መሆኑ ቀርቶ ቡናማ ዱቄት ሆነ። ወንድሜ ዱቄቱን መዳፉ ላይ አድርጎ አየው። መሰርሰሪያውን አወጣና ሞራሌውን በእግሩ ገፍቶ ሣሩ ላይ ጣለው። የእንጨቱ ልብ በስብሷል።

የባለቤቴ አባት በረንዳ ላይ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ይዘው ተቀምጠው ነበር። «እንግዲህ ይበቃል» አሉ፤ ጮክ ብለው አይደለም። ወንድሜ ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ። ሌላ ደረቅ ዝግባ ለማግኘት ወራት ሊወስድ ይችላል፤ እርጥቡን ሰንጥቀው ወዲያው ቢያቆሙት ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። እኔ ዱቄቱን እያየሁ ቆምኩ። አላለቀስኩም። ወራትም ከሆነ ወራት እጠብቃለሁ ብዬ ለራሴ እየነገርኩ ነበር።

ያን ጊዜ አማቴ ከቤት ወጣች። በግቢው ውስጥ ስትናገር ብዙ የማትሰማ ሴት ናት። ወንድሜን በእጇ ጠራችውና ወደ ከብቶቹ ቤት ወሰደችው። ተከተልኳቸው። ከጣራው ሥር፣ በሁለት ሹካ እንጨት ላይ፣ አቧራ የለበሰ ዝግባ ተጋድሟል፤ አራት ማዕዘን የተጠረበ፣ ቀጥ ያለ። ለአዲሱ ወጥ ቤቷ ብላ ከዳሞታ ተራራ ሥር እንጨት ከሚሰነጥቁ ሰዎች ያስመጣችው ነው፤ ሁለት በጋ ደርቋል። ወጥ ቤቱን ግን ሳይሠሩላት ዓመት በዓመት እየተገፋ ቀርቷል። ወንድሜ በመዶሻ ዳርና ዳሩን፣ መካከሉንም እየመታ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ። ድምፁ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ነው።

«አዬ፣ ያንቺ እኮ ነው» አልኳት። አዬ በወላይትኛ እናት ማለት ነው።

«ጭስ የለመደ ዐይን አንድ ዓመት ቢጨምር አይሞትም» አለች። «ውሰዱት።»

ለምን እንደሰጠችኝ አልጠየቅኳትም፤ እሷም አልነገረችኝም። ከዓመታት በኋላ ነው፣ ሌላ ነገር ስናወራ፣ በልጅነቷ አንድ ማየት የተሳነው ወንድም እንደነበራት ያጫወተችኝ። እንግዳ ሲመጣ ጎተራ ኋላ ያስቀምጡት ነበር አለች።

አዲሱ አግዳሚ ሲበሳ ፍቅፋቂው ከላይ እስከ ታች ነጭ ሆኖ ወጣ። እግሮቹን ወንድሜ ከጥንድ ጥንድ ባህር ዛፍ ሠራቸው፤ በእያንዳንዱ ጫፍ ሁለት ሁለት፣ ከታች የተንፈራጠጡ፣ ከላይ የሚሻገሩ። መሬት የሚገባው ጫፋቸው ምስጥ እንዳይበላው በእሳት ተለብልቦ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ጠጣ። እግሮቹ በሚሻገሩበት አናት አግዳሚው ተጋድሞ ይቀመጥበታል፤ ክብደቱን የሚሸከመው ይህ መቀመጫ ነው። ከዚያ እግሮቹንና አግዳሚውን አልፎ የሚወጣ ቡለን በጎን ይገባና በሁለቱም ወገን ሮንዴላ ተደርጎበት ይጠበቃል፤ እንጨቶቹ ከቦታቸው እንዳይንሸራተቱ።

አግዳሚውን ወደ አናት ለማንሣት ሰው ያስፈልገን ነበር። የሰፈሩ ወንዶች የባለቤቴን አባት ዐይን እያዩ ሥራ በዛብን አሉ። ቀጥቃጩ ዘንድ ሄጄ ናልኝ አልኩት። «በየት በኩል ነው የምገባው?» ብሎ ጠየቀኝ። በዋናው በር አልኩት። ባለቤቴ፣ ወንድሜ፣ ቀጥቃጩና እኔ ሆነን አነሣነው። አንደኛውን ጫፍ እኔና ባለቤቴ ነበር የያዝነው። ከጨረስን በኋላ አማቴ በቆሎ ቅቅልና ቦዬ የሚባለውን ሥራ ሥር አቀረበች። ለቀጥቃጩ የሰጠችውን ውኃ ሲጨርስ ጣሳውን ከእጁ ተቀበለችው። የባለቤቴ አባት ያን ጊዜ ተነሥተው ከግቢ ወጡ።

ዐይን ያላቸውን ቡለኖች ወንድሜ መሰላል ላይ ቆሞ አስገባቸው። የቀለበቶቹን ገጽ ልጅቷ ወደምትወዛወዝበት አቅጣጫ አዞረው፤ ብረቱ በጠንካራ ጎኑ እንዲጎተት። ከላይ ከመኪና ብረት የተቆረጠ፣ የመዳፍ ያህል ሰፊ ሮንዴላ አደረገ፤ ዳዶውን አጠበቀ፤ እንዳይላላ በላዩ ሁለተኛ ዳዶ ጨመረበት። ገመድ በብረት ላይ ሲፈተግ ስለሚበላ ከላይ በኩል ያለው ሰንሰለት ሆነ። መቀመጫው ጀርባና ክንድ ያለው፣ ፊት ለፊቱ መቀርቀሪያ እንጨት ያለው ትንሽ ወንበር ነው፤ የእግር ጉልበት የሌላት ልጅ እንዳትንሸራተት።

ልጄ ወዲያው ልውጣ አለች። አይሆንም አልናት። ወንበሩን አነሣንና በቦታው ሳንቃ አንጠለጠልን፤ ከመሬት አንድ ስንዝር ብቻ ከፍ ብሎ፣ ቢበጠስ እንኳ ጉዳት እንዳያደርስ። ሳንቃው ላይ በቆሎ የሞሉ ሦስት ኩንታል ጆንያዎች ጫንን። ወንድሜ ከአግዳሚው ጫፍ እስከ ጫፍ ክር ወጥሮ መካከሉ ምን ያህል እንደጎበጠ ምልክት አደረገ። እስከ ማታ ድረስ እንዲውል ተውነው። ልጄ ከቁርበቷ ሆና ጆንያዎቹን ስታይ ዋለች፤ ተራዋን የቀሙባት ይመስል።

የባለቤቴ አባት ማታ ሲመለሱ ጆንያዎቹን አይተው ቆሙ። «ዶሮ የምታህል ልጅ ናት። ይህ ሁሉ ለምንድን ነው?» አሉ።

«እንዳትወድቅ ነው አባባ» አልኳቸው።

ጆንያዎቹን ስናወርድ አግዳሚው ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ክሩ ላይ ክፍተት አልቀረም። ወንድሜ ወጥቶ ሮንዴላዎቹ እንጨቱ ውስጥ እንዳልሰመጡ፣ ቀለበቶቹ ቅርጻቸውን እንዳልለወጡ አየ። ዳዶዎቹን ዳግመኛ አጠበቀ። ከዚያ ራሱ ሳንቃው ላይ ተቀመጠና ፂሙ እየተበተነ ከፍ ብሎ ተወዛወዘ። ልጄ ከሳቋ ብዛት እንቅ አላት።

ለሁለት ወር ያህል የባለቤቴ አባት ስለ ዥዋዥዌው አንድ ቃል አልተናገሩም። ከዚያ ከሌሎች ከተሞች የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ለስብሰባ ሶዶ እንደሚመጡ፣ አንድ ቀን በእኛ ግቢ ምሳ እንደሚበሉ ተነገረ። በዋዜማው ጠሩኝ። በዚያን ጊዜ የተናገሩት በቁጣ አልነበረም፤ ለምነውኝ ነበር ማለት ይቻላል። ለአንድ ቀን ብቻ ወንበሩ ይውረድ፣ ልጅቷም ከአያቷ ጋር ውስጥ ትዋል አሉ። ሰው የማይሆን ነገር ያወራል፤ በዚህ ቤት ምን ኃጢአት ተሠርቶ ነው ይላል አሉ።

እኔም ልቤ ራርቶላቸው ነበር። እውነቱን ለመናገር እሺ ማለት ቀላሉ ነገር ነበር፤ አንድ ቀን ብቻ ነው። ግን ልጄ አንድ ቀን ከተደበቀች ለምን እንደተደበቀች ትጠይቀኛለች፤ የምመልስላት የለኝም።

«እንግዶቹን የምችለውን ያህል አስተናግዳለሁ» አልኳቸው። «ልጄን ግን አልደብቅም። ቢያባርሩኝም ይዣት እወጣለሁ እንጂ አልደብቃትም።»

በማግስቱ ፀጉሯን ሹሩባ ሠራኋት፣ ለበዓል የሰፋሁላትን ቀሚስ አለበስኳት፣ ወንበሩ ላይ አስቀምጬ መቀርቀሪያውን ዘጋሁ። መወዛወዙን እንደሆነ ተምራለች፤ ሰንሰለቱን ይዛ ወገቧን ወደፊትና ወደ ኋላ እየጣለች ያለ ማንም እርዳታ ትሄዳለች። እንግዶቹ በዋናው በር ሲገቡ ከሁሉ በፊት ያዩት እሷን ነው። እግሮቿ ቀጫጭን ሆነው ይንጠለጠላሉ፤ ያልታየ ነገር የለም። አንድ ሸምገል ያሉ እንግዳ ቆሙ። እሷም ዐይናቸውን እያየች ሰላምታ ሰጠቻቸው።

«ይቺ የማን ልጅ ናት?» ብለው ጠየቁ።

እኔ የእጅ ማስታጠቢያ ይዤ በረንዳው ላይ ቆሜ ነበር። የባለቤቴ አባት ከእንግዳው ጎን ናቸው። ፊታቸውን አየሁት። ከዚያ፣ ባልጠበቅሁት ድምፅ፣ በግልጽ ተናገሩ።

«የልጄ ልጅ ናት። በትኩሳት እግሯ ደክሟል። በዚህ ግቢ ግን ከሷ በላይ ከፍ የሚል የለም።»

እንግዳው ሳቁና ወንበሩን ትንሽ ገፋ አደረጉላት። ስለ ኃጢአት ያነሣ ሰው አልነበረም። ምሳ ላይ ያወሩት ስለ ዝናብና ስለ ሁምቦ ድርቅ ነው።

የባለቤቴ አባት ይቅርታ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልጠየቅኳቸውም። ቀጥቃጩንም ቤት ሲያስገቡት አላየሁም፤ በዚያ ነገር እስከ መጨረሻው አልተስማማንም፤ እኔ እያስገባሁት እሳቸው እየወጡ ኖርን። በበጋው ወራት ግን፣ አንድ ቀን ቁርስ ላይ፣ ማንንም ሳያዩ «በስተ ግራ ያለው ዳዶ ላልቷል» አሉ። ወጥቼ አየሁ፤ እውነት ነበር። እንጨት በፀሐይ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ዳዶው ሳይንቀሳቀስ እንኳ ይላላል። መፍቻ ይዤ መሰላል ላይ ወጣሁና አጠበቅሁት። መሰላሉን ከታች የያዙልኝ እሳቸው ናቸው።

ልጄ በዚያ ወንበር ላይ ክንዷ ፈረጠመ። ሰባት ዓመት ሲሞላት ወንድሜ ከወይራ እንጨት ሁለት ምርኩዝ ሠራላትና በክንዷ ጉልበት ቆመች። ትምህርት ቤት የሄደችው በእነዚያ ምርኩዞች ነው። መጀመሪያ ቀን ልጆቹ ከበው ሲያፈጡባት እንድሸኛት አልፈለገችም። «አንቺ ተመለሺ፣ እኔ አውቅበታለሁ» ብላኝ በሩ ላይ ትታኝ ገባች።